በአኃዝ መቶ ሰማንያ፣ በፊደል ሁለት መቶ ሰማንያ

ሂዳያ ሙሂዲን የሣህለ ማርያምን የእጅ ጽሑፍ አትወደውም። አስቀያሚ ሆኖባት አይደለም። እንዲያውም ከቢቸና እስከ ሞጣ እንደ እሱ አሳምሮ ውል የሚጽፍ ሰው የለም። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ውሏል ይባላል፤ ፊደሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ መስመሩ አይዛነፍም፣ ቀለሙ አይፈስም። ቢቸና ላይ በረንዳው ሥር አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አለው። ገበሬውም ነጋዴውም መብራት ባለበት ቀን እንኳ ኮምፒውተር ቤቱን አልፎ እሱ ዘንድ ይሰለፋል። እሷን የሚያስጠላት ይኼው ማማሩ ነው። ያማረ ጽሑፍ ላይ ዓይን ይንሸራተታል፤ ሰውም የተጻፈውን ትቶ እዚያ ይኖራል ብሎ የጠበቀውን ያነባል።

እሷ ሞጣ ውስጥ በሰነድ ማረጋገጫ ቢሮ የምትሠራ መርማሪ ናት። የብድር ውል ሲቀርብላት መጀመሪያ አኃዙን በማስመሪያ ትሸፍነዋለች። በፊደል የተጻፈውን ቃል በቃል እያነበበች በቁራጭ ወረቀት ላይ በአኃዝ ትገለብጠዋለች። ማስመሪያውን አንስታ ሁለቱን የምታስተያየው ከዚያ ወዲያ ነው። አኃዙን አስቀድሞ ያየ ሰው ፊደሉን አያነብም፣ አነበብኩ ብሎ ያልፋል። የቢሮው ሰዎች ሲስቁባት ኖረዋል። «ሂዳያ ማስመሪያዋን ካልዘረጋች ቢስሚላህ አትልም» ይሏታል። ይበሉ።

ልማዱን ያመጣችው ከቢቸና ነው። ከማግባቷ በፊት እዚያ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሁለት ዓመት ሠርታለች። አንድ ቀን አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ተከሶ ቀረበ። ውሉ በአኃዝ አርባ ሺህ ይላል፤ በፊደል ግን አንድ መቶ አርባ ሺህ ይላል። ዳኛው ሁለቱ ሲለያዩ የሚጸናው በፊደል የተጻፈው ነው ብለው ፈረዱ። አኃዝ በአንዲት ጭረት ይለወጣል፣ ፊደል ግን ታስቦበት የሚጻፍ ነው አሉ። ሰውየው ጣቱን አኃዙ ላይ ተክሎ «ጌታዬ፣ ይኼው አርባ፣ ይኼው አርባ» ሲል ቆየ። ፊደሉን ለአንድ አፍታም ቢሆን አላየውም። ለምን እንዳላየው ለሂዳያ የገባት ፍርዱን እየገለበጠች ሳለ ነው፤ ሰውየው ቁጥር እንጂ ፊደል አያውቅም። የዚያም ውል ጽሑፍ ያማረ ነበር።

አሁን በጥር ወር አንድ ሐሙስ ጠዋት ያ ያማረ ጽሑፍ እንደገና ጠረጴዛዋ ላይ መጣ።

ይዘውት የገቡት ብዙ ሆነው ነው። ከፊት ያለው አበዳሪው ስጦታው ነው፤ የቢቸና እህል ነጋዴ፣ ሁለት አይሱዙ ያለው፣ ሲገባ በሩን የሚሞላ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚርገፈገፍ ሰው። ወለድ የማያስከፍል ደግ ሰው ነው ይባላል። ለምስጋና አንድ ኩንታል ጤፍ ቢያመጡለት አይጠላም፣ ከዚያ በላይ ግን አይጠይቅም ይላሉ። ከኋላው ተበዳሪው የኔሰው አለ፣ የሞጣ ጤፍ ሰብሳቢ፤ ሚዛኑን ገበያው ሁሉ የሚያምነው፣ የእድሩን ገንዘብ የሚይዝ፣ ኮቱን የማያወልቅ ሰው ነው። ሚስቱ ይርጋነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ተጠግታ ቆመች። ምስክር ሆነው የመጡት ሁለት ናቸው፤ አንዱ የስጦታው ሾፌር፣ ሌላው አቶ ታዘበው የተባሉ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር። የአቶ ታዘበው ልጅ የየኔሰውን ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ ከላከ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ሠርጉም ለፋሲካ ማግስት ተቆርጧል። ጸሐፊው ሣህለ ማርያም መጨረሻ ገብቶ ሳይቀመጥ በሩ አጠገብ ቀረ።

ቢቸና የተጻፈ ውል ሞጣ የመጣው በቤቱ ምክንያት ነው። የኔሰው ለብድሩ መኖሪያ ቤቱን መያዣ ያደርጋል። ቤቱ ያለው ሞጣ ስለሆነ ውሉም እዚሁ መረጋገጥ አለበት። ያለዚያማ ሣህለ ማርያም በረንዳ ሥር በሁለት ምስክር ተፈርሞ ያልቅ ነበር። ቤት ባይያዝበት ኖሮ ሂዳያም ባላየችው።

«እንግዲህ እቴ፣ ቶሎ አሰናብቺን» አለ ስጦታው፤ «ጤፉ ሳይወደድ የኔሰው ገበያ መግባት አለበት።»

ማስመሪያዋን ዘረጋች። አኃዙን ሸፍና ቀጥሎ ያለውን አነበበች፤ «ሁለት መቶ ሰማንያ ሺህ ብር»። በቁራጭ ወረቀት ላይ 280,000 ብላ ጻፈች። ማስመሪያውን አነሳች። አኃዙ 180,000 ይላል።

የጽሑፍ ስህተት ይሆናል አለች በልቧ፤ መቼም ሰው ነው። ሁለተኛውን ቅጅ አነሳች። አኃዙ መቶ ሰማንያ፣ ፊደሉ ሁለት መቶ ሰማንያ። ሦስተኛውም ያው ነው። በካርቦን የተገለበጠ ቢሆን አንድ ስህተት ሦስት ቦታ ይወጣል፤ ይኼ ግን ሦስቱም ለየብቻ በብዕር የተጻፈ ነው። ሌላው የውሉ ክፍል ሁሉ «ከላይ የተጠቀሰው ገንዘብ» እያለ ስለሚያልፍ ገንዘቡ በስሙ የተጠራው እዚያች አንዲት መስመር ላይ ብቻ ነው።  ብዕር እንዴት ሦስት ጊዜ እኩል ይሳሳታል?

ቀና ብላ የኔሰውን «ውሉን አንብበውታል?» አለችው።

«እንዴታ። ከዳር እስከ ዳር።»

«የተበደሩት ገንዘብ የቱ ጋ ነው ያለው? ያሳዩኝ።»

የኔሰው ጎንበስ ብሎ ወፍራም ጣቱን አኃዙ ላይ አሳረፈ። «ይኼው፣ መቶ ሰማንያ ሺህ።»

«ቀጥሎ ያለውንስ አይተውታል?»

ወረቀቱን አንስቶ ከዓይኑ ራቅ አደረገው። ዓይኑ በመስመሮቹ ላይ እኩል እኩል ሄደ፤ የትም አልቆመም፣ የትም አልተመለሰም። የሚያነብ ሰው ዓይን እንዲህ አይሄድም። «ልክ ነው» ብሎ መለሰላት።

ሂዳያ ሦስቱን ሰዎች አየቻቸው። ስጦታው ኮርኒሱን ይመለከታል። ሣህለ ማርያም የጫማውን አፍንጫ ይመለከታል። የኔሰው ደግሞ እሷን ይመለከታል፤ ፊቱ ላይ የሚታየው አንድ ልመና ብቻ ነው፣ እዚህ ሰው ፊት አታዋርጂኝ የሚል። ያን ጊዜ ነገሩ በሙሉ ገባት። ስጦታው የሰውየውን ምስጢር ያውቃል። የሚያነበውን አኃዝ እውነት አድርጎ፣ የማያነበውን ፊደል ውሸት አድርጎ አጽፎለታል። እስከ ዛሬ በሰው ልጅ ብዙ ነገር ተጸይፋለች፣ እንዲህ ያለ ግን አልገጠማትም። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ደብቆ የኖረውን ቁስል ፈልጎ አግኝቶ እዚያው ላይ ጥርሱን መትከል። 

«ከመዝገብ ላይ የማስተያየው አለኝ» ብላ ተነሳች። «አቶ የኔሰው፣ አንዴ ከእኔ ጋር ይምጡ።»

የመዝገብ ክፍሉ አቧራ አቧራ ይሸታል። በሩን ገርበብ አደረገችው።

«ጋሽ የኔሰው፣ ይኼ ከእኔና ከእርስዎ አያልፍም። ወረቀቱ ሁለት ነገር ነው የሚናገረው። ቁጥሩ መቶ ሰማንያ ሺህ ይላል። በፊደል የተጻፈው ግን ሁለት መቶ ሰማንያ ሺህ ይላል። ነገ ክስ ቢመጣ የሚጸናው በፊደል ያለው ነው። መቶ ሺህ ብር ያልበሉትን ሊከፍሉ ነው፤ ካልከፈሉ ቤቱ አለ።»

የኔሰው ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ።  እሷ እዚያው ላይ ብታቆም ምናልባት ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ግን አዘነችለት፣ ሐዘኗም አፏን ቀደማት። «የእኔም አባት እዚሁ ሞጣ ሃያ ዓመት ጨርቅ ሲነግድ ቁጥር ብቻ ነበር የሚያውቀው። ፊደል ባይቆጥሩ ነውር የለውም።»

የሰውየው አንገት ደም ሥሩ ተገተረ። «ማን ነው አልቆጠረም ያለሽ?»

«አይ፣ እኔ ማለቴ...»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ የእድር ገንዘብ የምይዝ ሰው ነኝ። ደብተሩን ከፍቼ ሰው ፊት ሒሳብ የማወራርድ ሰው ነኝ። እዚያ የቆሙት ሰው ልጄን ለልጃቸው የጠየቁ ናቸው። እኔን ማይም ነህ ልትይኝ ነው ጓዳ የጠራሽኝ?»

«ጋሽ የኔሰው፣ ቤትዎ ነው እኮ።»

«ቤቴን እኔ አውቃለሁ።»

በሩን ገፍቶ ወጣ። ሂዳያ ተከተለችው።

ስጦታው እንደ ድመት ነቅቶ ይጠብቃቸዋል። «ምን ተገኘብን እቴ?» አለ እየሳቀ።

ደብቃ ማለፍ አትችልም። አኃዝና ፊደል የተለያየበትን ውል ማኅተም አታሳርፍበትም፤ ያልተስማማውም ምን እንደሆነ ለሁለቱም ወገን መናገር ግዴታዋ ነው። «አኃዙና ፊደሉ አይገናኝም» አለች። «በአኃዝ መቶ ሰማንያ ሺህ፣ በፊደል ሁለት መቶ ሰማንያ ሺህ ነው። ትክክለኛው የቱ ነው?»

ይደነግጣል ብላ ነበር። «ውይ፣ ሣህሌ ተሳስቶ ነው» ብሎ በሣህለ ማርያም ያሳብባል ብላ ነበር። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ግን አይደነግጥም። ስጦታው ወደ እሷ እንኳ አልዞረም፤ ወደ የኔሰው ዞሮ ትከሻውን ያዝ አደረገው።

«የኔሰው፣ አንተ አንብበኸው አይደል የመጣኸው? እኔ እንኳ መነጽሬን ረስቼ ነው፣ ባንተ ንባብ ተማምኜ። ሦስቱንም አንብበህ ልክ ነው ብለኸኛል። አይደለም እንዴ?»

 አቶ ታዘበው ባርኔጣቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «አንብቤያለሁ» አለ የኔሰው።

«እንግዲያው በፊደል ያለውን አይተኸዋል።»

 የኔሰው አላየሁትም ካለ ለምን አላየኸውም ሊባል ነው። ርእሰ መምህሩ ደግሞ ጆሯቸውን ጥለው ቆመዋል። ስጦታው ጠጋ ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔና አንተ ወንድማማቾች ነን፣ በኋላ እንነጋገርበታለን» አለው። ዝቅ ይበል እንጂ ሂዳያ ሰምታዋለች።

«አይቼዋለሁ» አለ የኔሰው። «ሁለት መቶ ሰማንያ ነው። የተሳሳተው ቁጥሩ ነው።»

«ገንዘቡን ተረክበዋል?» አለች ሂዳያ።

«ተረክቤያለሁ።»

«በባንክ ነው?»

«በእጅ ነው የሰጠሁት» ብሎ ስጦታው ጣልቃ ገባ። «ማክሰኞ ዕለት ቤቱ ድረስ ወስጄ። እቴ፣ ይኼ ደግሞ የቢሮሽ ጥያቄ ነው?»

አልነበረም። ለማንኛውም ውሉን ይዛ ወደ ኃላፊዋ ወደ አንዷለም ገባች። አንዷለም ክፉ ሰው አይደለም፤ ከጠዋት እስከ ማታ የሚፈርም፣ የደከመው ሰው ነው። ያየችውን ሁሉ ነገረችው። ጣቱንም፣ ዓይኑንም፣ በሹክሹክታ የተባለውንም።

«ሰውየው አላነብም ብሏል?» አላት።

«አነባለሁ ነው የሚለው።»

«ገንዘቡን አልወሰድኩም ብሏል?»

«ወስጃለሁ ይላል።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው? አኃዙና ፊደሉ ይስማማ፣ አንብቢላቸው፣ ሚስትየዋም ትስማማ፣ ይፈርሙ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእነሱ ነው።»

ከሥራ አንጻር ያለው ሁሉ ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ነው የበለጠ ያስጠላት። አሥር ዓመት ሙሉ ማስመሪያ እየዘረጋች ሰው ስትጠብቅ የኖረች መስሏት ነበር። ለካ የምትጠብቀው ሁለቱ እንዳይለያዩ ብቻ ነው፤ ሁለቱም አብረው ሲዋሹ ማስመሪያዋ አያውቅም።

ቢሮው ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ስለማይቀበል ሣህለ ማርያም ሦስቱንም ቅጅ እንደ አዲስ ሊጽፍ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሂዳያ በመስኮት ታየዋለች። ያችን መስመር ሲደርስ ብዕሩን አላቆመም፣ እጁ አልከበደውም። የቅዳሴ መጽሐፍ የሚጽፍ ይመስል ፊደሉን እያሳመረ ሄደ። ስጦታው አጠገቡ ቆሞ ሎሚ እየመጠጠ ፍሬውን መሬት ላይ ይተፋል። የኔሰው ከአቶ ታዘበው ጋር ስለ ዘንድሮ ጤፍ ዋጋ ያወራል፤ ድምፁ ከወትሮው ከፍ ብሏል። ይርጋነሽ ብቻዋን የግንቡ ጥላ ሥር ቆማለች። ማንም ምንም አልጠየቃትም።

በግማሽ ሰዓት ተመለሱ። ሂዳያ ማስመሪያዋን ዘረጋች። ሁለት መቶ ሰማንያ ሺህ ብር አለች፣ ጻፈች፣ ማስመሪያውን አነሳች፤ 280,000። ሁለተኛው ቅጅ ያው ነው፣ ሦስተኛውም ያው ነው። እንዲህ ጥርት ብሎ የተስማማ ውል አይታ አታውቅም። ወረቀቱን በእጇ መንካት ቀፈፋት።

ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። እኔ ተበዳሪ የኔሰው ብር ሁለት መቶ ሰማንያ ሺህ ያለ ወለድ ተበድሬ ቆጥሬ ተረክቤያለሁ፤ በስድስት ወር ሳልመልስ ብቀር አበዳሪው በመያዣነት የሰጠሁትን መኖሪያ ቤቴን በሕግ አሽጦ ገንዘቡን ይውሰድ። ገንዘቡ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ቀና ብላ የኔሰውን አየችው። እሱ መስኮቱን ያያል።

«ይስማማሉ?»

«እስማማለሁ።»

ብዕሩን ተቀብሎ ፈረመ። ፊርማው ትልቅና የተጠማዘዘ፣ ብዙ የተለማመደው ፊርማ ነበር፤ አንድም ፊደል አልነበረበትም። ሦስቱም ቅጅ ላይ ፈረመ። ስጦታው ፈረመ፤ መነጽሩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ነው የፈረመው። ረስቼዋለሁ ያለው መነጽር ነው። ሂዳያ ብቻ አየችው፤ እሱም ማየቷን አይቶ ፈገግ አለላት። በሕይወቷ አንድ ሰው ፊት ላይ መትፋት ያማራት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ቤቱ የጋራ ስለሆነ ወይዘሮ ይርጋነሽም ይፈርማሉ» አለች።

ይርጋነሽ ቀረበች። ብዕሩን አልተቀበለችም። ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብላ ቆየች። ሂዳያ የሴትየዋን ከንፈር ከነጠላው ሥር አየች፤ ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል። ዓይኗ ከመስመር መስመር ሄደ፣ አንድ ቦታ ቆመ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ቆመ።

«ይኼ ሁለት መቶ ሰማንያ ነው የሚለው?» አለች።

«ነው።»

«አንቺም ስታነቢ እንደዚያ መሰለኝ። ጆሮዬን ነው ብዬ ነበር።» ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች። «ገንዘቡን የቆጠርኩት እኔ ነኝ እቴ። ባለ ሁለት መቶ ብር ኖት፣ ዘጠኝ እስር ነው። እያንዳንዱ እስር መቶ ኖት ነው፤ ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። መቶ ሰማንያ ሺህ ነው የሚመጣው። እስካሁን ሣጥኔ ውስጥ አለ፣ ፈትሹት።»

«ይርጋ» አለ የኔሰው። «ፈርሚ።»

«ሁለት መቶ ሰማንያ ቢሆን አሥራ አራት እስር ነበር» አለች፣ አሁንም ለሂዳያ። «አምስቱ የት ሄደ?»

«ባልሽ አንብቦ ፈርሟል እመቤት» አለ ስጦታው። ሳቁ ገና ፊቱ ላይ ነበር። «እሱ ካነበበው...»

«ፈርሚ አልኩሽ።»

ይርጋነሽ ባሏን አየችው። ሂዳያ ያንን አስተያየት በኋላም ልትረሳው አልቻለችም። ቁጣ አልነበረበትም። ሰው ዕቃ ከመስበሩ በፊት ዕቃውን እንደሚያየው ነበር። ከዚያ ፊቷን ወደ ጠረጴዛው መልሳ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ ተናገረች።

«የኔሰው ፊደል አያውቅም። ቁጥር ነው የሚያውቀው። የእድሩንም ደብተር፣ የመጣ ደብዳቤም ቢሆን፣ ማታ ማታ የማነብለት እኔ ነኝ። እሱ ጠዋት በቃሉ ይለዋል። አሥራ ስምንት ዓመት። ይኼን ወረቀት ግን ለእኔ ሳያሳየኝ ነው ያመጣው፤ ሰውየውን አምኖ።»

 የስጦታው ሾፌር እንኳ ጎንበስ ብሎ ወለሉን አየ። የኔሰው ፊቱ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ አመድ መሰለ። 

የተናገሩት አቶ ታዘበው ናቸው፤ ባይናገሩ ይሻል ነበር። ክፍል ውስጥ ለልጆች በሚናገሩበት ድምፅ «አይዞህ የኔሰው» አሉት፤ «አለማወቅ ኃጢአት አይደለም። በኛ ትምህርት ቤት የጎልማሶች ፕሮግራም አለ፣ እንመዘግብሃለን።» ደግነት መስሏቸው ነው። ሂዳያ ግን የሰውየው ትከሻ ኮቱ ውስጥ ሲወድቅ አየች። ስጦታው ሳይገፍፈው የቀረውን ክብር ርእሰ መምህሩ ገፈፉት።

የኔሰው ሚስቱን ሳያይ፣ ማንንም ሳያይ ወጣ። የግቢው በር ሲጋጭ ተሰማ።

«ሚስትየዋ ካልፈረመች ውል የለም» አለች ሂዳያ። ሦስቱን ቅጅ ሰበሰበች። «ያልጸደቀ» የሚለውን ማኅተም እያንዳንዱ ላይ አሳረፈች፤ ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ ነበር የምትመታው። መዝገቡ ላይ ምክንያት የሚል ሠንጠረዥ አለ። የሚስት ስምምነት ባለመገኘቱ ብላ ጻፈች። ስጦታው ያደረገውን የምትጽፍበት ሠንጠረዥ ፈልጋ አጣች።

ስጦታው ወረቀቱ ቢቀርበትም ቅር ያለው አይመስልም ነበር። «በሉ ገንዘቤን ዛሬውኑ እወስዳለሁ፣ የቤቱንም ካርታ እመልሳለሁ» አለ፣ ኮቱን እያስተካከለ። «ሣህሌ፣ እንሂድ። ሮብ ገበያ ከተማ ሌላ ሰው ይጠብቀናል።» ሣህለ ማርያም ብዕሩን ጨርቅ ውስጥ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። ሲያልፍ ሂዳያን ሊሰናበት እጁን ዘረጋ። እሷ እጇን አላነሳችም፤ አላፈረም፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቷት ሄደ።

አቶ ታዘበውም ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ። ስለ ሠርጉ ምንም አላሉም።

ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። ይርጋነሽ ወንበር ሳይሰጧት ተቀመጠች። ነጠላዋን ከአፏ አወረደችው፤ ከንፈሯ ደርቋል።

«ቤቱን ግን አይወስዱብንም?» አለች።

«አይወስዱም። ፊርማሽ ከሌለ አይችሉም።»

«አኃዙም ፊደሉም ከንቱ ሆነ ማለት ነው?»

«ከንቱ ነው። ማኅተም የለውም።»

ይርጋነሽ ራሷን ነቀነቀች። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ዘጠኝ እስር ቢመለስ ጤፍ የሚገዙበት እንደማይኖር፣ ልጇም ከዚህ በኋላ ምን እንደምትባል ሂዳያ መናገር አላስፈለጋትም። ሴትየዋ ሁሉንም አስቀድማ አስባው ነው የተናገረችው። ሂዳያ ልታመሰግናት ፈለገች፤ ቃሉ አፏ ውስጥ ቀፈፋት፣ ተወችው።

«ስታነቢ እኮ ሰምቼ ነበር» አለች ይርጋነሽ። «መጀመሪያ ቁጥሩ አይገናኝም ስትይም ሰምቻለሁ፤ ግቢው ውስጥ ሲጻፍም አይቻለሁ። ያን ጊዜ ሁሉ ዝም ያልኩት ራሱ ይናገረዋል ብዬ ነው። እንቢ ቢል፣ አላየሁትም ቢል፣ እኔ አፌን አልከፍትም ነበር።»

ተነሳች። የግቢውን በር አሻግራ አየች። ደጁ ላይ ማንም አልነበረም።

«በየት በኩል ነው የሄደው? አይተሽዋል?»

«ወደ ገበያው በኩል መሰለኝ።»

«እንግዲያው ወደ ቤት አልሄደም» አለች። ነጠላዋን አጣፋች፣ እንደገናም አጣፋችው። «እኔ ቀድሜ ብገባ፣ ሲመጣ ምን ብዬ በር እከፍትለታለሁ እቴ?»

ሂዳያ እስከ ግቢው በር ሸኘቻት። ይርጋነሽም በገበያው ተቃራኒ በኩል፣ ወደ ቤቷ አቅጣጫ ሄደች።